የሻገተ ጠንካራ ቺዝ፦ ተቆርጦ ይበላል ወይስ ሙሉው ይጣላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ጎዳ ቺዝ ገዝተን፣ ከአንድ ጫፉ ቆርጠን እንደቀመስነው ጾሙ ገባና በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ቀረ። ለፋሲካ ሳወጣው የተቆረጠው ፊት ላይ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ላዩ ላይ መሐል አካባቢ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ አገኘሁ። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 9፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መብራትም በየጊዜው ይጠፋብናል። ሻጋታውን ቆርጬ ሌላውን እንብላው ወይስ ሙሉውን ልጣለው? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት።»

ምላሽ፦

በገለጹት ሁኔታ ሙሉውን መጣል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አረንጓዴው ሻጋታ ያለበትን ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ቆርጠው ይጣሉት፤ ነጩ ነጠብጣብ ደግሞ ሻጋታ መሆን አለመሆኑን ከዚህ በታች በማስረዳው መንገድ ይለዩ፤ አዲሱ የተቆረጠ ፊት ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀሪውን ጤነኛ አዋቂ ሰው ሊበላው ይችላል። ባለቤትዎ ግን ከዚህ ቺዝ ባይበሉ ይሻላል። ምክንያቱን በቦታው አስረዳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ቆርጦ ማዳን ለምን ለአንዱ ዓይነት ቺዝ እንደሚሠራና ለሌላው እንደማይሠራ ልግለጽ፤ ይህ ከታወቀ ሌላ ጊዜ ለሚያጋጥምዎ ጉዳይ መልሱን ራስዎ ያገኙታልና።

በዓይን የምናየው አረንጓዴ ወይም ነጭ ጸጉር የሻጋታው ሙሉ አካል አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው የዘሩ ብናኝ ሲሆን፣ ከሥሩ ቀለም የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ወደ ምግቡ ውስጥ ይዘልቃሉ። እንደ ሰርዶ ነው፤ ከላይ የታየውን ብቻ የነጨ ሰው ሣሩን አላጠፋውም። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ክሮቹ እስከ ምን ያህል ጥልቀት መሄድ እንደሚችሉ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው ቺዙ በውስጡ የያዘው ውሃና የአካሉ ጥቅጥቅነት ነው። ጠንካራ ቺዝ ሲሠራ የረጋው ወተት ተቆራርጦ አጓቱ ይወጣለታል፣ በመጭመቂያ ይጫናል፣ ጨው ይገባበታል፣ ከዚያም ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲበስል ይደረጋል። በመጨረሻ ፓርሜዛን የሚባለው ዓይነት ከክብደቱ ከመቶ 30 ገደማ ብቻ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ቼዳርና ጎዳ ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 45 ባለው መካከል ይገኛሉ። ያለው ውሃም ከጨውና ከፕሮቲን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለሻጋታው በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። አየርም ወደዚያ ጥቅጥቅ አካል ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ሻጋታ ያለ አየር ማደግ ደግሞ ይቸግረዋል። በዚህ ምክንያት ክሮቹ ባብዛኛው ከላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቁም።

የአገራችን አይብ ግን በዚህ በኩል ፍጹም የተለየ ነው። ከአሬራ ተሞቆ የሚወጣው አይብ ከመቶ 75 በላይ ውሃ ያለው፣ ያልተጫነና ያልበሰለ፣ እርስ በርሱ በላላ ሁኔታ የተያያዘ ፍርፍር ነው። ክሩም፣ ሻጋታው የሚያመነጨው ነገርም፣ አብረው የሚያድጉ ባክቴሪያዎችም በውሃው መንገድ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይደርሳሉ። ብዙ ቤት ውስጥ የአይቡን ላይ ገፈፍ አድርጎ ሌላውን መጠቀም የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ላዩ ላይ ሻጋታ የታየበት አይብ ሙሉ በሙሉ መጣል አለበት። ለስላሳ ሞዛሬላ፣ ሪኮታ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ክሬም ቺዝም እንደዚሁ ናቸው። ጠንካራ ቺዝም ቢሆን ከተፈቀፈቀ ወይም በስስ በስሱ ተቆርጦ ከታሸገ በኋላ የሻገተ እንደሆነ ጥንካሬው ምንም አይጠቅመውም፤ አካሉ ተከፋፍሎ አየርና የሻጋታ ዘር በሁሉም በኩል ገብቶበታልና ይጣላል።

አሁን ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትሩ ልመለስ። ይህ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለሸማቾች የሚሰጠው ምክር ነው፤ እነርሱ በሚጠቀሙበት መለኪያ አንድ ኢንች፣ ከሻጋታው ዙሪያም ከሥሩም። ሻጋታው ራሱ ባብዛኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚገባ ከሆነ ለምን ይህን ያህል ይቆረጣል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ ከክሮቹ ቀድመው የሚሄዱ ሁለት ነገሮች መኖራቸው ነው።

አንደኛው መርዝ ነው። ቺዝ ላይ በብዛት የሚበቅሉት ሻጋታዎች ፔኒሲሊየም ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ እንዲሁም አስፐርጊለስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ጥቂቶች፣ ማይኮቶክሲን በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። መርዙ በውሃ ተሸክሞ ከክሩ ጫፍ ትንሽ አልፎ ሊሰርግ ይችላል። በጥቅጥቅ ቺዝ ውስጥ ስርገቱ አጭር ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ መርዝ ያመርታል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው እንደሚያመርትና የትኛው እንደማያመርት በቀለሙም ሆነ በሽታው ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉንም መርዝ አምራች እንደሆነ ቆጥሮ መቁረጥ ይገባል።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ቺዝን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለው የላክቲክ አሲድ ነው። ሻጋታ ይህን አሲድ ለምግቡ ስለሚጠቀምበት ያደገበት ቦታና አካባቢው ኮምጣጣነቱን ያጣል፤ በአሲዱ ተገትተው የነበሩ ባክቴሪያዎችም በዚያች ጠባብ ሥፍራ ማደግ ይጀምራሉ። ከእነዚህ መካከል እጅግ የምንፈራው ሊስቴሪያ የተባለው ሲሆን፣ ከብዙዎቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች የሚለየው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ቀስ እያለ ማደግ መቻሉ ነው። ስለዚህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ክሩን፣ የሰረገውን መርዝና አሲዱን ያጣውን ቦታ አንድ ላይ ለማስወገድ ታስቦ የተተወ ርቀት ነው። ማስመሪያ አጠገብዎ ከሌለ ሁለት ጣት ያህል ይቁረጡ፤ የአዋቂ ሰው ሁለት ጣት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በጥቂቱ ስለሚበልጥ ስሕተቱ ወደ ደኅናው ወገን ነው።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ሕግ ይወጣል። ቺዝ ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከሻጋታው በኋላ የሚተርፍ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቁራጭ ከላይም ከታችም ከሻገተ፣ ከሁለቱም ወገን 2.5 ሲነሳለት የሚቀር ነገር የለም፤ ሊድን አይችልም ማለት ነው። ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ግራም የሚመዝኑ ትንንሽ ቁራጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት ዓይነታቸው ለስላሳ ስለሆነ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ትልቅ ስለሆነ ቦታ አለው።

ከመቁረጥዎ በፊት ግን ነጩን ነጠብጣብ ይመርምሩ፤ ምክንያቱም ከሚተርፍልዎት ቺዝ አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጎዳ እያረጀ ሲሄድ ፕሮቲኑ ሲፈርስ የሚወጣ ታይሮሲን የሚባል ንጥረ ነገር፣ አንዳንዴም ከላክቲክ አሲድና ከካልሲየም የሚሠራ ጨው፣ በነጭ ጠጠር መልክ ይታያል። ይህ ጉዳት የሌለውና የመብሰል ምልክት ነው፤ ሆኖም በየጊዜው ሻጋታ እየተባለ ደኅና ቺዝ ይጣልበታል። ለመለየት ቺዙን መስኮት አጠገብ ወስደው በቀን ብርሃን አግድም ይመልከቱት። ጠጠሩ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው፣ ከገጹ ጋር የተያያዘ ነው፣ ጸጉር የለውም። ሻጋታው ከገጹ ብድግ ብሎ እንደ ጥጥ ይታያል፤ ጠርዙም እየሳሳ የሚጠፋ ክብ ይሆናል። ከዚያ በንጹሕ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ጫፍ ነካ ያድርጉት፤ ጠጠር ከሆነ እንደ ጨው ቅንጣት ይንኮሻኮሻል፣ ሻጋታ ከሆነ ግን ድምፅ ሳይሰጥ ይጨፈለቅና ስንጥሩ ላይ ይለጠፋል። የሚያሟልጭ እርጥብ ነጭ ሽፋን ሆኖ ካገኙት ደግሞ እርሾና ባክቴሪያ ነው፤ እርሱንም እንደ ሻጋታ ይቁጠሩት። አፍንጫዎን አስጠግተው አያሽቱት፤ የሻጋታ ዘር በትንፋሽ ሲገባ በተለይ አስምና አለርጂ ላለበት ሰው ጉዳት አለው። ከምርመራው በኋላ ጥርጣሬ ከቀረዎት ሻጋታ ነው ብለው ይቀጥሉ።

እንግዲህ በሰጡኝ መጠን እናስላው። የእርስዎ ቁራጭ 20 በ9 በ6 ስለሆነ 1,080 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጎዳ ከውሃ ትንሽ ስለሚከብድ ክብደቱ ወደ 1,190 ግራም ነው። አረንጓዴው ያለበትን ጫፍ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲያነሡ የሚጣለው 150 ግራም ገደማ ነው። ነጩ ነጠብጣብ ጠጠር ሆኖ ከተገኘ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከአንድ ኪሎ በላይ ይተርፍልዎታል።

ነጩም ሻጋታ ሆኖ ከተገኘ ሁለት አማራጭ አለ። ብዙ ሰው የሚመርጠው ላዩን በሙሉ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት መግፈፍን ነው። ይህ ሌላ 430 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያም በላይ ረጅምና አግድም የሆነ ቆረጣ ስለሆነ ቢላው በቀላሉ አቅጣጫውን ይስታል፣ ሳይታወቅም ወደ ሻጋታው ይቀርባል። እኔ የምመርጠው ቁራጩን ከላይ ወደ ታች መክፈልን ነው። ነጠብጣቡ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ ከግራው 2.5፣ ከቀኙ 2.5 ትቶ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን መሐል ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። የሚጣለው 360 ግራም ገደማ ሲሆን፣ አንዱ 4.5፣ ሌላው 7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ንጹሕ ቁራጮች ይቀራሉ፤ ሁለቱ ተደምረው 680 ግራም ይሆናሉ። በዚህ አቆራረጥ የሚተርፈው ይበልጣል፤ ቆረጣውም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ርቀቱን መጠበቅ ይቀላል። ነጠብጣቦቹ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ሆነው ላዩ ላይ የተበተኑ ከሆነ ግን ስሌቱ ትርጉም ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚሻለው ሙሉውን መጣል ነው።

በአቆራረጡ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቢላውን በሻጋታው በኩል በማስገባት ነው። ቢላው አረንጓዴውን ከነካ በኋላ በንጹሑ አካል ውስጥ ሲያልፍ ዘሩን ይዞ ይገባና አዲሱን ፊት ይቀባዋል፤ ከሳምንት በኋላ ያ ፊት እንደገና ይሻግታል፤ ሰውየውም ቺዙ ከውስጥ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ከቁራጩ ወርድ የሚረዝም፣ ስስና ንጹሕ ቢላ ይውሰዱ። የነበረበትን ላስቲክ ቀስ ብለው፣ ሳያራግፉት፣ ከሌላ ምግብ ራቅ ብለው ይፍቱትና ወዲያው ይጣሉት። ቺዙን ሻጋታው ወደ ጎን እንዲሆን አድርገው መክተፊያ ላይ ያስቀምጡ፤ ከሻጋታው ጠርዝ ሁለት ጣት ርቀው በቢላው ጫፍ ምልክት ያድርጉ፤ ከንጹሑ ላይ ተነሥተው በአንድ ግፊት ወደ ታች ይውረዱ። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ፍርፋሪ ያወጣል፤ ፍርፋሪውም ዘር ይሸከማል። የተቆረጠውን በላስቲክ ጠቅልለው ይጣሉት፤ ሁለተኛ ቆረጣ ካለ ቢላውንም፣ መክተፊያውንም፣ እጅዎንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው፣ ቢላውን አድርቀው ይቀጥሉ።

ከዚያ አዲሱን ፊት በጥንቃቄ ይመልከቱ። ይህ ሊዘለል የማይገባው እርምጃ ነው፤ ውሳኔው የሚጸናውም የሚሻረውም እዚህ ላይ ነው። ጎዳ በተፈጥሮው ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ ባብዛኛው ዝግና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ስለሆኑ ለሻጋታ መንገድ አይሆኑም፤ ቺዙ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን ስንጥቁ አየርና ዘር ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ሻጋታውም በስንጥቁ ግድግዳ ላይ በስተውስጥ ያድጋል። በአዲሱ ፊት ላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር፣ በቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠ ጸጉር፣ በዙሪያው ካለው የሚለይ ቡናማ ወይም ግራጫ ጥላ፣ ወይም የለሰለሰና የሚያሟልጭ ቦታ ካዩ እንደገና ገባ ብለው መቁረጥ አይጀምሩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በኋላ ምልክት ከተገኘ ይህ ቺዝ በጥልቀት እንዳይገባ ይጠብቀዋል ያልነው ጥቅጥቅነት አልሠራለትም ማለት ነው፤ ሌላው ክፍል ደኅና ነው የምንልበት ምክንያት የለንም። ሙሉው ይጣል። አዲሱ ፊት እንደ አሞኒያ ቢሸት ወይም የምድር ቤት ዓይነት የታፈነ ጠረን ቢኖረውም ውሳኔው ያው ነው። ንጹሕ ፊት ሆኖ ጠረኑም እንደተገዛበት ቀን የቅቤና የወተት ከሆነ ግን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ስለ ባለቤትዎ ያልኩት ከሊስቴሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ ቀላል ሕመም አስከትሎ ያልፋል፤ በእርግዝና ጊዜ ግን እናቲቱ ቀለል ያለ ትኩሳት ብቻ ቢሰማትም ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ውርጃ ወይም የፅንስ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት የተሠራ፣ ያልሻገተ ጠንካራ ቺዝ ለነፍሰ ጡር በአጠቃላይ የሚፈቀድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሻጋታው አሲዱን የቀነሰበት፣ ለወራት የቆየና ፍሪጁ እየጠፋ እየበራ ያለፈበት ቺዝ ነው። ይህን ዕድል በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስሌት ላይ ጥሎ መሞከር አይገባም። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ የስኳር ሕመም ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ላሉ፣ በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሁሉ ይኸው ነው። ለእነርሱ አዲስ ይገዛላቸው፤ ሻጋታው ተቆርጦለት የቀረውን ንጹሕ ክፍል ሌላው ቤተሰብ ይብላው።

ቀሪውን ፒዛ ላይ ወይም ማካሮኒ ላይ አድርገን በእሳት ብናሳልፈው ችግሩ ሁሉ ይወገዳል የሚል አስተሳሰብ በሰፊው አለ። እሳት ሻጋታውንና ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ማይኮቶክሲኖች ግን አብዛኞቹ ሙቀት የሚችሉ ስለሆኑ በቤት ምድጃ ሙቀት አይጠፉም። ስለዚህ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይበስላል እንጂ ማብሰሉ የመቁረጥ ምትክ አይሆንም። በሆምጣጤ ወይም በጨው ውሃ የረጠበ ጨርቅ ሻጋታውን ጠርጎ መብላትም ላዩን ከማሳመር የማያልፍ ነው፤ ክሩ እንደተቀመጠ ነው።

የተቆረጠውንም ለውሻ እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ። በከተማው ዳርቻ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ውሻ አለው፤ የማይበላውም ምግብ ወደዚያ ይሄዳል። የሻገተ የወተት ውጤት ላይ የሚያድጉ አንዳንድ ፔኒሲሊየሞች ነርቭን የሚመታ መርዝ አላቸው፤ ውሾችም በበሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ በከባድ ሁኔታም ይሞታሉ።

መብራት መጥፋቱን በተመለከተ፣ እርሱ ብቻውን ይህን ቺዝ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጠንካራ ቺዝም ከዚያ በላይ ለተወሰነ ጊዜ ቢሞቅ ወዲያው የሚበላሽ ምግብ አይደለም። የመብራት መጥፋት ዋናው ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ፍሪጁ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በላስቲኩ ውስጥ የውሃ ጠል ይፈጠርና በቺዙ ገጽ ላይ ይተኛል፤ ሻጋታው የጎደለውን ውሃ የሚያገኘው ከዚያ ነው። የእርስዎም በተቆረጠው ፊት የጀመረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ፊት ቅርፊት የሌለው፣ በቢላና በእጅ የተነካና ላስቲኩ በደንብ ያልተጣበቀበት ነውና። ነገር ግን ቺዙ ለቀናት ያለ ቅዝቃዜ ቆይቶ ከሆነ፣ ሙቀት የሻጋታውን እድገትም የመርዙን መመረትም ስለሚያፋጥን፣ ለመቁረጥ ባይደክሙ ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ተያያዥ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላለው ወተት ሲነሣ አፍላቶክሲን የሚለው ስም አብሮ ይነሣልና ብዙ ሰው በቺዙ ላይ ካየው ሻጋታ ጋር ያገናኘዋል። ያኛው መርዝ የሚመጣው ከመኖ ነው፤ በእርጥበት የተበላሸ መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ የበላች ላም መርዙን ቀይራ በወተቷ ታወጣዋለች፤ ከወተቱም ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ወደ ቺዙ ይገባል። እርሱ በሙሉው ቺዝ ውስጥ እኩል የተሠራጨ ስለሆነ አይታይም፣ አይሸትም፣ በመቁረጥም አይወገድም፤ መቆጣጠሪያው ላሟ ከምትበላው ላይ ነው። ቺዝዎ መሻገቱ አፍላቶክሲን አለበት ማለት አይደለም፤ ሳይሻግት መቆየቱም የለበትም ማለት አይደለም።

የተረፈውን ቺዝ ለማስቀመጥ መጀመሪያ ገጹን በንጹሕ ወረቀት ፎጣ ያድርቁ፤ ከዚያ ቅባት በማያሳልፍ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለው፣ በላዩ ላላ ያለ ላስቲክ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ ያድርጉለት። ወረቀቱ ጠሉን ይጠጣል፤ ላስቲኩ ደግሞ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ወረቀቱን ነካ አድርገው እርጥብ ከሆነ ይለውጡት። ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። አንድ ጊዜ የሻገተ ቺዝ የማይታይ ዘር ላዩ ላይ ስለማይጠፋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠቅመው ቢጨርሱት መልካም ነው፤ የማትጨርሱት ከሆነ ዛሬውኑ ፈቅፍቀው በየጊዜው በሚበቃ መጠን ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ሲቀዘቅዝ አካሉ ስለሚፈረፈር ለመቆራረጥ አይመችም፤ ለማብሰያ ግን ጣዕሙን ይዞ ለወራት ይቆያል። ለሚቀጥለው ጾምም ይኸው ይጠቅማል፦ ከቅበላ የተረፈ ጠንካራ ቺዝ ካለ 55 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ከሚተኛ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ተፈቅፍቆ ፍሪዘር ይግባ።

ቺዙ የነበረበትን የፍሪጅ መደርደሪያ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ይጥረጉት፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁትና ያድርቁት፤ የበሩን ጎማ እጥፋቶች አይርሱ፤ ዘሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። በዚያው መደርደሪያ ላይ ሳይከደን የቆየ አይብ ወይም ቅቤ ካለ ገጹን ይመልከቱ፤ አይቡ ላይ ነጠብጣብ ካዩ ሳይቆርጡ ሙሉውን ይጣሉት።